የተሸጠ ኮንዶሚኒየም ጂዲፒ ውስጥ ይገባል?

«ኮዬ ፈጬ ጎረቤታችን የነበረው ኮንዶሚኒየም በ4 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። ብሩ ጂዲፒ ላይ ይደመራል? እናቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምትለፋውስ?»

ወንድሜ፣ 4 ሚሊዮኑ አይደመርም። ጂዲፒ የሚቆጥረው በአንድ ዓመት ውስጥ እዚሁ አገር አዲስ የተመረተውን ዕቃና አዲስ የተሰጠውን አገልግሎት ነው። ቤቱ በተሠራበት ጊዜ ተቆጥሯል። አሁን ባለቤቱ ነው የተቀየረው።

ደላላው ግን ዘንድሮ ሠርቷል። 2 በመቶ ወስዶ ከሆነ 80,000 ብሩ ይገባል። ገዢው ደግሞ ለፊኒሺንግ 600,000 ብር አወጣ እንበል። ሴራሚኩና የመብራቱ ዕቃ ከውጭ የመጡ ከሆነ አገር ሲገቡ የነበራቸው ዋጋ ይቀነሳል፤ የተመረቱት ሌላ አገር ነዋ። እሱ 250,000 ቢሆን 350,000 ይቀራል። የሠራተኛው ክፍያ፣ አሸዋው፣ የባለ ሱቁ ትርፍ፣ የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። አሸዋው ለብቻው ድጋሚ አይቆጠርም፤ ባለቀው ሥራ ዋጋ ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ገዢው ካወጣው ሁሉ ጂዲፒ ላይ የሚታየው 80,000ው እና 350,000ው ብቻ ነው።

የቤተሰብ ገቢና ወጪ መጠይቅ ይዤ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ ቤት ለቤት ስዞር፣ ሰውን ግራ የሚያጋባው ጥያቄ «ይህ ቤት ቢከራይ ስንት ያወጣል?» የሚለው ነበር። «እንዴ፣ ለራሴ ኪራይ ልከፍል ነው?» ይሉኝ ነበር። አይከፍሉም፤ ግምቱ ግን ያስፈልጋል። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤትም ልክ እንደ ተከራየ ቤት መጠለያ ይሰጣል፤ ስለዚህ ግምታዊ ኪራዩ ጂዲፒ ውስጥ ይገባል። ባይገባ ኖሮ ሁለት ጎረቤታሞች ቤት ተለዋውጠው አንዱ ለሌላው ኪራይ ቢከፍል፣ ምንም ሳይጨመር ጂዲፒ ያድግ ነበር።

የእናትህ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያበሳጨኝ። ለቤተሰቧ የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ ልጅ የምትይዘው፣ አረጋዊ የምትንከባከበው አይቆጠርም። ያንኑ ሥራ ደሞዝ የሚከፈላት የቤት ሠራተኛ ብትሠራው ይቆጠራል። እንጀራ ጋግራ ለሰፈር ብትሸጥ ይቆጠራል፤ ለልጆቿ ስትጋግር ግን የጋገረችበት ድካም አይቆጠርም።

ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ያልተከፈለበት ሥራ የገበያ ዋጋ ስለሌለውና ግምቱ ከበዛ ቁጥሩ የሥራ አጥነቱንና የገበያውን ሁኔታ ማሳየት ስለሚያቅተው ነው ይባላል። ሁለተኛውን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ግን አያሳምነኝም። ላልተከፈለ ኪራይ ዋጋ ከገመትን፣ ላልተከፈለ ሥራም የቤት ሠራተኛን ደሞዝ ይዞ መገመት ይቻላል። ሰዓቱም ይለካል፦ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል። እንዲህ ያለው ጥናት በየጊዜው ተደግሞ፣ በብር ተተምኖ፣ ጂዲፒ ውስጥ ሳይቀላቀል ከጎኑ ለብቻው ይውጣ ባይ ነኝ።