ዝግ ነው ወይስ ተወትፏል? የነርቭ ሕዋስ በሮች በአማርኛ

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ፣ ነርቩ ሳይነካ «የሶዲየም ቻናሉ ተዘግቷል» ብዬ፣ ምልክቱ እንዳለፈም «የሶዲየም ቻናሉ ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ተማሪ «ሁለቱም ከተዘጉ የፊተኛው ለምን ይከፈታል? የኋለኛው ለምን እምቢ ይላል?» አለኝ። አማርኛ ሁለቱን የሚለይበት ቃል የለውም ወይ?

መልስ፦ አለው። ለፊተኛው «ዝግ ነው»፣ ለኋለኛው «ተወትፏል» ይበሉ።

«ተዘግቷል» ሲባል ሰሚው ቀድሞ ክፍት የነበረ ነገር ያስባል። ነርቩ ሳይነካ ያለው ቻናል ግን ገና አልተከፈተም፤ ስለዚህ ያለበትን ሁኔታ የሚናገረው «ዝግ» ይሻለዋል። «ወተፈ» ደግሞ ከበሩ ጋር ጉዳይ የለውም። ጆሮ በጥጥ፣ የጠርሙስ አፍ በቡሽ ይወተፋል፤ መተላለፊያውን የሚከለክለው ከሌላ በኩል መጥቶ የገባ ነገር ነው። በሶዲየም ቻናል ላይ የሚሆነውም ይህንኑ ይመስላል።

ነርቩ ምልክት በማያስተላልፍበት ጊዜ የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው፤ -70 ብለን እንጽፈዋለን። የዚህ ዋና ምክንያት ፖታሲየም ነው። በሕዋሱ ውስጥ በሊትር 140 ሚሊሞል ያህል ሲኖር በውጭ 4 ያህል ብቻ ነው ያለው። ሁልጊዜ ክፍት የሆኑ የፖታሲየም ቻናሎች ስላሉ ፖታሲየሙ ፖዘቲቭ ቻርጁን እንደያዘ ወደ ውጭ ይሾልካል፤ ውስጡም ኔጌቲቭ እየሆነ ይቀራል። ያ ኔጌቲቭነት በተራው ፖታሲየሙን ወደ ኋላ ስለሚስበው ሽሽቱ ይገታል። የአዮኖቹን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው ፓምፕ ሦስት ሶዲየም ባስወጣ ቁጥር ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ሶዲየም በተቃራኒው ውጭ ነው የሚበዛው፤ ለመግባትም የክምችቱ ልዩነትም ቻርጁም ይገፋፉታል። ያላስገባው የበሮቹ ዝግ መሆን ነው።

የሶዲየም ቻናል ፕሮቲን ነው። በውስጡ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ አራት ዘንጎች አሉት። የሕዋሱ ውስጥ ኔጌቲቭ እስከሆነ ድረስ ዘንጎቹ ወደ ውስጥ ተስበው በሩን ዝግ አድርገው ይይዙታል። አንድ ነገር ነርቩን ቀስቅሶ ቮልቴጁ -55 አካባቢ ሲደርስ ዘንጎቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ በሩም ይከፈታል። የገባው ሶዲየም ቮልቴጁን ይበልጥ ስለሚገፋው ጎረቤት ቻናሎችም ይከፈታሉ፤ አንድ ሚሊሰከንድ ሳይሞላ ቮልቴጁ ዜሮን አልፎ +30 አካባቢ ይደርሳል። አክሽን ፖቴንሻል የምንለው ይህ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ከ-70 ወደ -55 ሲሄድ «ቮልቴጁ ጨመረ» ቢሉ አንዱ፣ «ቀነሰ» ቢሉ ሌላው ይከራከርዎታል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጠቧል። «ወደ ዜሮ ተጠጋ» ቢሉ ማንም አይሳሳትም።)

አሁን ወደ ተማሪዎ ጥያቄ እንምጣ። ከቻናሉ የውስጥ ጫፍ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በሩ በተከፈተ በአንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ይህ ቁራጭ ሄዶ የቻናሉን አፍ ይወትፋል፤ ሶዲየም መግባቱን ያቆማል። ልብ ይበሉ፦ ዘንጎቹ አሁንም ወደ ውጭ እንደተገፉ ናቸው፤ በሩም አልተመለሰም። ስለዚህ በዚህ ሰዓት «በሩ ተዘጋ» ማለት ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም ማሳሳት ነው።

ቁራጩ ያለው በውስጥ በኩል መሆኑ የታወቀው ስኩዊድ በሚባለው የባሕር እንስሳ ግዙፍ አክሰን ላይ በተሠራ ሙከራ ነው። ይህ የነርቭ ዘንግ እስከ አንድ ሚሊሜትር ሊወፍር ስለሚችል በውስጡ ፈሳሽ ማሳለፍ ይቻላል። አርምስትሮንግ፣ ቤዛኒያና ሮሃስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ፕሮናዝ የሚባል ፕሮቲን በል ኢንዛይም በአክሰኑ ውስጥ አሳለፉ። ቻናሎቹ እንደ ወትሮው ተከፈቱ፤ ግን መወተፍ ቀረ፣ ሶዲየሙም ቮልቴጁ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ድረስ መግባቱን ቀጠለ። ኢንዛይሙ ውታፉን በልቶ በሩን ትቶለታል። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ አብረው በተበላሹ ነበር።

ሆጅኪንና ሃክስሊ ግን ፕሮቲኑን ማንም ሳያየው በ1952 በሒሳብ ለያይተዋቸው ነበር። በቀመራቸው የሶዲየም መተላለፍ ከm³h ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ m የበሩን መከፈት፣ h ደግሞ ያልተወተፉትን ድርሻ ይይዛል። መለያ ፈተናቸውም ቀላል ነው። ቮልቴጁን ጥቂት ወደ ዜሮ አስጠግተው ለትንሽ ጊዜ ይይዙታል፣ ከዚያ በኃይል ይገፉታል፤ የሚገባው ሶዲየም ያንሳል። በፊት ይበልጥ ኔጌቲቭ አድርገው ይዘው ከገፉት ግን ይበዛል። ዝግ በር ለመከፈት ግፊት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የተወተፈ ቻናል ግን መጀመሪያ ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት።

መላሾቹ ዘግይተው የሚከፈቱት የፖታሲየም ቻናሎች ናቸው። ፖታሲየም ሲወጣ ቮልቴጁ ወርዶ -70ን አልፎም ትንሽ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዘንጎቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ውታፉም ይነቀላል፣ ቻናሉም እንደገና «ዝግ» ይሆናል። ተማሪዎ «እምቢ ይላል» ያለው በእነዚህ ጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ያለውን ነው፤ ምልክቱ በአክሰኑ ላይ ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚያደርገውም ይኸው እምቢታ ነው። ስለ ፖታሲየም ቻናሎቹ ግን «ተዘጉ» ቢሉ ልክ ነው፤ ተከፍተው ነበርና።

ልዩነቱ ሐኪም ቤት ሲደርስ የበለጠ ይጎላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጠራቀማል። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ከ4 ወደ 8 ሚሊሞል ቢያድግ፣ ፖታሲየም የሚወጣውና የሚመለሰው የሚመጣጠንበት ቮልቴጅ ከ-95 ወደ -76 አካባቢ ይወጣል፤ የሕዋሱ የዕረፍት ቮልቴጅም ተከትሎት ወደ ዜሮ ይጠጋል። «ተዘግቷል» ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ወደ -55 ስለቀረበ ሕዋሱ በትንሹ ይቀሰቀሳል፣ ሰውዬውም ይንዘፈዘፋል ብሎ ይገምታል። መጀመሪያ ላይ መቀስቀስ ሊቀል ይችላል። እየበረታ ሲሄድ ግን የሚታየው የጡንቻ መልፈስፈስ ነው፤ ልብም አመታቷ ይዛባል። ቮልቴጁ ቀስ ብሎ ወጥቶ እዚያው ስለቆየ ቻናሎቹ አንድ በአንድ ተወትፈዋል፤ ውታፉን የሚነቅል ወደ ኔጌቲቭ መመለስም የለም። የቀሩት ዝግ ቻናሎች ሁሉም ቢከፈቱ እንኳ አክሽን ፖቴንሻል ለማስነሳት አይበቁም።

ሦስተኛ ቃልም ሳያስፈልግዎ አይቀርም። ቴትሮዶቶክሲን፣ ፉጉ በሚባለው ዓሣ ውስጥ ያለው መርዝ፣ የቻናሉን አፍ ከውጭ በኩል ይይዛል። ያንን «ታገደ» ይበሉት። ቮልቴጁን ወደ ኔጌቲቭ ቢመልሱት አይለቅም፤ መርዙ ራሱ ተላቆ መሄድ አለበት።