የእኅቱን ልጅ ከሱቁ ማሰናበት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የባለቤቴ አባት ሲያርፉ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ለሦስቱ ልጆቻቸው ቀረ። ንግድ ፈቃዱ በባለቤቴ ስም ነው፣ ሂሳቡን እኔ እይዛለሁ። የባለቤቴ እኅት ልጇን ሱቅ አስገባችው። በወር 12,000 ብር ይወስዳል፣ ግን የሚመጣው ረፋድ ላይ ነው። ጠዋት የሚከፍተውና ማታ የሚዘጋው የሰፈራችን ልጅ 6,000 ነው የሚያገኘው። ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ለዘመድ ስሚንቶ በዱቤ ያወጣል፣ እኔም ደብተሩ ላይ «ለቤተሰብ» ብዬ አልፋለሁ። የእኔም ወንድም ቤት ሲሠራ ትንሽ ወስዷል። ክርክሩ ምሳ ላይ ይጀመርና መኝታ ቤት ድረስ ይከተለናል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ያለቅሳሉ። ልጁን እናሰናብተው ስል ባለቤቴ «ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ይከፋል ይላል» አለኝ። ከእኅቱ ጋር ተኳርፈናል፣ ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለቤትሽ የጠቀሰው ቃል 1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 8 ላይ ይገኛል። ቃሉ እውነት ነው፣ ችግሩ ለብቻው ተነቅሎ መጠቀሱ ነው። ዛሬ ማታ ሁለታችሁ ተቀመጡና ምዕራፉን ከቁጥር 3 ጀምራችሁ አንብቡት። ቅዱስ ጳውሎስ እዚያ ጋ የሚናገረው ስለ ባልቴቶች ነው። ባልዋ የሞተባት ሴት ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ካሏት፣ እነሱ አስቀድመው ለወላጆቻቸው ብድራት ይመልሱ ይላል። ቁጥር 8 የመጣው ይህን ሸክም ከራሱ ላይ ለሚጥል ሰው ነው። ለወጣት የእኅት ልጅ ሥራ ስለማስያዝ አንድም ቃል የለውም።

አሁን ጥያቄሽን መለስ ብለሽ እይው። በቤታችሁ ውስጥ አንዲት ባልቴት አሉ። አማትሽ ናቸው። ምሳ ቀርቦላቸው የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው። ከሱቁ ምን እንደሚደርሳቸው ግን አልጻፍሽልኝም። ባለቤትሽ ያነሣው ጥቅስ በቤታችሁ የሚመለከተው ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚመለከተው እሳቸውን ነው።

እዚህ ላይ ከቅዱስ መጽሐፍ ትንሽ ወጣ ልበል፣ ነገሩ ያለ እሱ አይፈታም። ሱቁ ለሦስት ልጆች ቀረ ብለሻል። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ይላል፣ ብዙ ቤተሰብም እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሱቁ አባትና እናት በትዳር ላይ ሳሉ ያፈሩት ከሆነ፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር ግማሹ በሕግ የእናትየው ነው። ልጆቹ የሚወርሱት የአባታቸውን ግማሽ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ሲሶ ሳይሆን የስድስት አንድ እጅ ነው ማለት ነው። የእናንተ ሱቅ እንዲህ መሆኑን ከወራሽነት ማረጋገጫው ጋር አንድ የሕግ ባለሙያ ይየው። ንግድ ፈቃዱ በባለቤትሽ ስም መሆኑ ግብር የሚከፍለውን ያሳያል እንጂ ወንድሙንና እኅቱን ከድርሻቸው አያወጣቸውም።

የልጁን ደመወዝ በዚህ እንመልከተው። ያን ሥራ የሰፈራችሁ ልጅ በ6,000 ብር እየሠራው ነው። ስለዚህ ከ12,000ው ውስጥ ደመወዙ ቢበዛ 6,000 ነው። ቀሪው 6,000 ስጦታ ነው። ከማን ኪስ ወጣ? 3,000ው ከአማትሽ፣ ከሦስቱ ልጆች ደግሞ አንድ አንድ ሺህ። እናቱ ለልጇ የሰጠችው ከ6,000ው አንዱን ሺህ ብቻ ነው። የቀረውን ማንም ሳይጠየቅ ሌሎቹ ሰጡላት። አያትዬው ቢጠየቁ ለልጅ ልጃቸው ደስ ብሏቸው ይሰጡ ይሆናል፣ አያት ናቸውና። ግን አልተጠየቁም። ሰው ሳያውቅ ከኪሱ የወጣ ምጽዋት ለማንም ጽድቅ አይሆንም።

ቅዱስ ጳውሎስም ይህን ይለያል። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 16 ላይ ባልቴት ዘመድ ያለው ምእመን ራሱ ይርዳት፣ ቤተ ክርስቲያንን አያክብድባት ይላል። ዘመድን መርዳት ከራስ ነው፣ የጋራው መሳቢያ ለሌላ ነገር ነው። ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ይላል። ዘመድ መሆን ደመወዝ አይጨምርም፣ አይቀንስምም።

እንግዲህ ልጁን በችኮላ አታሰናብቱት። የሥራ ሰዓቱም ደመወዙም ከሌላው ልጅ ጋር እኩል ይሁን። እናቱ ልትጨምርለት ከፈለገች፣ የትርፍ ክፍፍል ሲሆን ከድርሻዋ ትስጠው። ባለቤትሽም «አጎት ነኝ» ካለ ከራሱ ድርሻ ይርዳው፣ ማንም አይከለክለውም። ይህ ተነግሮት ጠዋት ሱቅ ከመጣ እሰየው። ካልመጣም ያሰናበተው ሰው የለም፣ ራሱ ነው የሄደው። የሰፈራችሁ ልጅ ጉዳይ ግን እስከዚያ ድረስ አይቆይ። የሠራተኛን ዋጋ ስለማስቀረት ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተናገረውን አንብቢ። ልጁ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ያው ነው። በወሎ እንኳን ሠራተኛው፣ የሥጋ ዘመዱም ግማሹ በሌላው ሃይማኖት ነው።

ወደ ዱቤው ልምጣ። የወንድምሽን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር «ትንሽ» ብለሽ ዘለልሽው። ሌሎቹን ስትጽፊ ግን እጅሽ አልሰነፈም። ስለዚህ መጀመር ያለብሽ ከእሱ ነው። «ለቤተሰብ» የሚባል ሰው የለም። ያን መስመር ሰርዢና በቦታው ስም፣ ቀን፣ ስንት ኩንታል፣ በስንት ብር፣ መቼ ይከፈላል የሚለውን ጻፊ። የመጀመሪያው ስም የወንድምሽ ይሁን። የባለቤትሽ እኅት ደብተሩን ስትገልጥ ከልጇ በፊት የአንቺን ወንድም ካየች፣ ያልሽውን የምትሰማበት ጆሮ ይኖራታል።

የስሚንቶ ዱቤ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዘመድ ዘንድሮ 20 ኩንታል ይወስድና ብሩን በዓመቱ ያመጣል። በዚያን ጊዜ ዋጋው ጨምሮ ከሆነ በዚያ ብር 20 ኩንታል አይገዛም። ሱቁ የተከፈለ ይመስለዋል፣ መጋዘኑ ግን ይጎድላል። ቆጠራ ላይ ሌባ የሚፈለገው በዚህ ነው፣ ጠቡም ያኔ ይነሣል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ «በዛሬው ዋጋ ካላስከፈልኩ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «አራጣ ይሆናል» ብሎ ይፈራል። ነገሩ የሚለየው ሲወጣ በተባለው ነው። 20 ኩንታል በብድር ተሰጥቶ 20 ኩንታል ከተመለሰ አራጣ አይደለም፣ የተሰጠው ነው የተመለሰው። ዋጋው ተቆርጦ ከተሸጠ ግን የተቆረጠው ይከፈላል፤ በኋላ መጨመር ግፍ ነው። የትኛው እንደሆነ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ይጻፍ። ያለፈው ዱቤ ያልተጻፈ ስለሆነ ተነጋግራችሁ የምትስማሙበትን ውሰዱ፣ የቀረውን ተዉት።

የአንቺም ነገር አለ። ሂሳብ ትይዣለሽ፣ ደመወዝ ግን እንዳለሽ አልነገርሽኝም። ላባ እንኳ፣ ያ ያዕቆብን ያን ያህል ያታለለ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ «ዘመዴ ስለሆንህ በከንቱ ታገለግለኛለህን? ደመወዝህን ንገረኝ» ብሎ ጠይቋል (ዘፍጥረት 29)። በነፃ የሚሠራ ሰው ዋጋውን በቁጣ መሰብሰብ ይጀምራል። ደመወዝ ይቆረጥልሽ። ከዚያ በኋላ ሂሳብ ያዥ ሁኚ፣ ከሂሳብ ያዥነት አትለፊ። ባለ ድርሻ አይደለሽምና ወንድሙንና እኅቱን የሚያነጋግረው ባለቤትሽ ነው። እስከ ዛሬ እሱ ዝም ሲል አንቺ ተናግረሻል፣ ኩርፊያውም በአንቺ ላይ ወደቀ። ደብተሩም ሱቅ ይደር፣ ቤት አይምጣ። የሱቁ ንግግር ሳምንት አንድ ቀን፣ ከተዘጋ በኋላ፣ እዚያው ሱቅ ይሁን። ምሳ ላይ አንድ ሰው ካነሣው «ቅዳሜ» በሉት። አማትሽን ዳኛ አታድርጓቸው። በድርሻቸው ግን ይጠየቁ።

እርስ በርስ ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ጥሩ። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ከዳኛ በፊት በወንድሞች መካከል የሚፈርድ ጠቢብ ፈልጉ ይላል። እኛ ጋ ደግሞ በየገጠሩ አበጋር ሃይማኖት ሳይለይ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ነው፣ የአገራችሁ ሽማግሌም ይበቃል። ብቻ ከሱቃችሁ በዱቤ የወሰደ ሰው ሽማግሌ አይሁን። የንስሐ አባታችሁም ቢሆኑ ቤታቸውን የሠሩት በእናንተ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ለሂሳቡ ሌላ ሰው ፈልጉ። እርቁን ይባርኩ። የተስማማችሁበትም በወረቀት ይስፈር፣ ሁሉም ይፈርሙበት፣ አማትሽም ጭምር። ከሽማግሌው አፍ ብቻ የቀረ ስምምነት ትርፍ ሲከፈል ይረሳል።

የቁርባኑ ነገር የመጨረሻው ነው፣ ግን ትንሹ አይደለም። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ተወው፣ ሂድና ታረቅ፣ ከዚያም ና አለ። «ከዚያም ና» የሚለውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሳይታረቅ መቅረብም፣ ታርቆ መቅረትም ሁለቱም አይገባም። ሂሳቡ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ሂሳብ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ በሂሳብ አለመስማማትም ቂም አይደለም። እኅቱ ቤት ሂጂ፣ ስለ ልጇ አንድም ቃል አታንሺ፣ በስሟ የተናገርሽው ክፉ ካለ ይቅርታ ጠይቂ። ከተቀበለችሽ ደግ። ፊቷን ካዞረችብሽም ሐዋርያው በሮሜ 12 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ብሏል፣ በአንቺ በኩል ያለውን አድርገሻል። መቁረብ አለመቁረብሽን ግን የሚወስኑት እኔም ጽሑፌም ሳንሆን የንስሐ አባትሽ ናቸው። ወደ እሳቸው ስትሄጂ የራስሽን ያዥ፦ ቁጣሽን፣ ኩርፊያሽን፣ «ለቤተሰብ» ብለሽ የሸፈንሽውን። ልጁ በስንት ሰዓት ሱቅ እንደገባ ለእሳቸው አትንገሪ፣ እሱ የቅዳሜው ንግግር ነው።