የደረሰኝ ምስል ሲደርሳችሁ፦ በሱቅና በቴሌግራም ለምትሸጡ ወጣቶች

ይድረስ ለልጆቼ፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ በባንክ ቤት የሒሳብ ሰነድ ሳመሳክር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ መርካቶ ውስጥ የእጅ ስልክ በሚሸጠው በእኅቴ ልጅ ሱቅ አልፎ አልፎ ቁጭ እላለሁ። በሥራ ዘመኔ የማውቀው ሐሰተኛ ሰነድ በወረቀት፣ በማኅተምና በፊርማ የሚሠራ ነበር፤ አሁን እዚያ ሱቅ የማየው ግን በስልክ ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚታረም የደረሰኝ ምስል ነው። መልኩ ይለወጥ እንጂ የሚያጋልጠው ነገር ብዙም አልተለወጠም። ደረሰኝ የሚያርም ሰው አንድ ቦታ ሲነካ፣ ከዚያ ቦታ ጋር የሚነጋገሩ ሌሎች ሦስትና አራት ቦታዎች እንዳሉ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ በአብዛኛው ምስሉን ስለማየት ሳይሆን ምስሉን ስለማንበብ ነው።

መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንድ ደንበኛ በቴሌግራም ተነጋግሮ 48,500 ብር በሚያወጣ ስልክ ተስማማ። ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል መተግበሪያ ትራንስፈር ያደረገበትን የደረሰኝ ስክሪንሾት ላከና «ገቢ አድርጌያለሁ፣ ዕቃውን የሚወስድ ሞተረኛ ደጃፋችሁ ላይ ነው» ሲል ጻፈ። የእኅቴ ልጅ ተቀባዩን አየ፤ የራሱ ስም ነው። መሀሉ በኮከብ ምልክት የተሸፈነውን የሒሳብ ቁጥር አየ፤ መጨረሻው የራሱ ነው። መጠኑ 48,500፣ ቀኑ የዕለቱ ኤፕሪል 3 ቀን 2025 ነው። የአገልግሎት ክፍያው 10 ብር፣ በክፍያው ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ከከፋዩ ላይ የተቀነሰው ድምር ደግሞ 48,511 ብር ከ50 ሳንቲም ተብሏል። ደምሬ አየሁት፤ ልክ ነው። ይህን ድምር ሁልጊዜ ደምሩት፤ ብዙ አራሚዎች የላይኛውን መጠን ለውጠው የታችኛውን ድምር እንዳለ ይተዉታልና። ይኼኛው ግን እስከዚያ ድረስ ጠንቃቃ ነበር።

እኔን ያስቆመኝ የማጣቀሻ ቁጥሩ ነው። በንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ FT ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ዝም ብሎ የተደረደረ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ FT ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች በፈረንጆች አቆጣጠር ዓመቱን፣ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት ሦስት አኃዞች ደግሞ በዚያ ዓመት ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ፤ የቀሩት አምስቱ ያንን አንድ ዝውውር ከሌሎች የሚለዩ ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው። በዚህ ምስል ላይ የቁጥሩ መጀመሪያ FT25071 ነበር። ይህም የ2025 ሰባ አንደኛው ቀን ማለት ነው። ጃንዋሪ 31፣ ፌብሩዋሪ 28፣ በድምሩ 59 ቀን ይሆናል፤ 71 ለመሙላት 12 ይቀራል፤ ስለዚህ ዝውውሩ የተመዘገበው ማርች 12 ቀን ነው፣ በእኛ መጋቢት 3። ደረሰኙ የሚለው ኤፕሪል 3 ቀን ግን ዘጠና ሦስተኛው ቀን በመሆኑ ቁጥሩ በ FT25093 መጀመር ነበረበት። በላይኛው መስመር ዛሬ፣ በታችኛው መስመር የዛሬ ሃያ ሁለት ቀን! (ፌብሩዋሪ 29 በሚሆንበት ዓመት ከማርች ጀምሮ አንድ ቀን መጨመር እንዳለባችሁ አትርሱ።)

ለልጁ ይህን ሳስረዳው የሽያጭ ደብተሩን ገለጠና ወደ መጋቢት 3 ተመለሰ። ያው የማጣቀሻ ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል እዚያ ተጽፎ ነበር፤ ከጎኑ የ8,500 ብር አነስተኛ ስልክ ሽያጭ። ሰውየው የቀድሞ ደንበኛችን ነበር። ያኔ በእውነት ከፍሎ በእጁ የቀረውን እውነተኛ ደረሰኝ ወስዶ፣ ከ8 ፊት 4 ጨምሮ፣ ቀኑንና ድምሩን ለውጦ መልሶ ላከልን። የተቀባዩ ስምና የሒሳብ ቁጥር እንከን ያልነበረባቸው ስላልተነኩ ነው። ስለዚህ «ስሜ ትክክል ነው፣ ቁጥሬም ትክክል ነው» የሚለው ማረጋገጫ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ከዚህ በፊት የከፈላችሁ ሰው ሁሉ ይህ በእጁ አለ።

ወደ ምስሉ ተመልሰን በጣት አስፍተን ስናየው ሌላውም መታየት ጀመረ። የተጨመረው 4 ከጎኑ ካለው 8 ጋር ያለው ክፍተት በሌሎቹ አኃዞች መካከል ካለው ይጠብ ነበር፤ እግሩም ከመስመሩ በጥቂቱ ከፍ ብሏል። በዙሪያው ያለው ነጭ ከቀረው የደረሰኙ ነጭ የተለየ መሆኑ የታየን የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርገን ምስሉን ስናጠቁረው ነው። ከሁሉ በላይ ግን የአኃዙ ጠርዝ ስል ነበር፤ የቀሩት ፊደላት ደግሞ በመላላክ ብዛት ደብዝዘዋል። እዚህ ላይ በደንብ አስተውሉ፤ ቴሌግራም ምስልን በፎቶ መልክ ሲልክ ስለሚጨምቀው፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየወረደ እንደ አዲስ የተላከ እውነተኛ ደረሰኝም ይደበዝዛል። ድብዛዜ ራሱ ምልክት አይደለም። ምልክቱ አለመመሳሰል ነው፤ ሁሉም ደብዝዞ አንዱ መስመር ብቻ ጥርት ሲል፣ ወይም ሁሉም ጠርቶ የአንዱ ቁጥር ዙሪያ ብቻ የተፋቀ ሲመስል።

ይህን አጥብቄ የምነግራችሁ ራሴ ስለተሳሳትሁ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ አንዲት እናት ለልጃቸው ስልክ ሊገዙ መጥተው ያሳዩን ስክሪንሾት እጅግ የደበዘዘ ስለነበር፣ በባንክ ቤት ልማዴ ፊቴን አጥቁሬ ጠረጠርኋቸው። ገንዘቡ በሒሳቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከውጭ የከፈለላቸው ሌላው ልጃቸው ለአጎቱ፣ አጎቱ ለእርሳቸው ያስተላለፉት ምስል ሆኖ ነው የደበዘዘው። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም ስልኩን ገዝተው ሄዱ፤ ወደዚያ ሱቅ ግን ተመልሰው አልመጡም።

የቀን ቁጥሩንም ቢሆን እንደ ፍርድ አትያዙት። የባንክ ሥርዓት የሚቆጥረው የራሱን የሥራ ቀን ነው፤ የዕለቱ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ማምሻውን፣ እሑድ ወይም በበዓል ቀን የተደረገ ዝውውር ከተጻፈው ቀን አንድ ወይም ሁለት ቀን ፈቀቅ ያለ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። የአንድ ቀን ልዩነት ስታዩ ወደ ሒሳባችሁ ሂዱና አጣሩ፤ የሃያ ሁለት ቀን ልዩነት ግን ማብራሪያ የለውም። የሰዓቱንም ነገር በዚሁ ልጨምር፦ ደረሰኙ 10 ሰዓት ከጠዋት ሲል በእኛ 4 ሰዓት ማለት ስለሆነ፣ ደንበኛው «አሁን ነው የላክሁት» ካለበት ሰዓት ጋር ስታመሳክሩ ስድስት ሰዓት መጨመርና መቀነሱን አትርሱ። ቀኑን በሚገባ አርመው በሰዓቱ የሚሳሳቱ አሉ።

ከደረሰኙ የጎደለውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚያ ምስል ላይ መጠኑ በፊደል የሚጻፍበት መስመርና ኪውአር ኮዱ ተቆርጠው ወጥተዋል። በፊደል የተጻፈን መጠን ማረም ከአንድ አኃዝ ማረም ይከብዳልና፣ ምስሉ ከዚያ በላይ ማለቁ በአጋጣሚ አልነበረም። ኪውአር ኮዱ ደግሞ አራሚ በሌላ ኮድ ካልተካው በቀር ሊያርመው የማይችለው ክፍል ነው፤ እውነተኛው ሲነበብ ባንኩ ዘንድ ወዳለው መዝገብ ይወስዳል እንጂ በምስሉ ላይ የተጻፈውን አይደግምም። የንግድ ባንኩ አድራሻ apps.cbe.com.et ብሎ ጀምሮ የማጣቀሻ ቁጥሩንና የሒሳብ ቁጥርን መጨረሻ ስምንት አኃዞች አስከትሎ ይይዛል። ኮዱን ስታነቡ ገጹ ከመከፈቱ በፊት አድራሻውን እዩት። cbe.com.et ከሚለው በኋላ ነጥብ ተጨምሮ ሌላ ስም ከቀጠለ፣ ገጹ የባንኩ ሳይሆን የዚያ የሌላው ስም ባለቤት ነው፤ ውስጡ የፈለገውን ያህል የባንክ ደረሰኝ ቢመስልም። ደረሰኝ ለማሳየት የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁም ወዲያው ዝጉት።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ የታረመን ደረሰኝ ይመለከታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በአዲስ የተሠራ፣ ክፍተቱ የተስተካከለ፣ ቁጥሩም ከቀኑ ጋር የተስማማ ሐሰተኛ ደረሰኝ አለ፤ ያንን በዓይን የሚለይ ሰው አላውቅም፣ እኔም አልለይም። በምስሉ ላይ ስህተት ማግኘት ሐሰት መሆኑን ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ስህተት ማጣት ግን እውነት መሆኑን አያሳይም። ያ የሚታወቀው የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ገቢውን ስታዩ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚመጣውን መልስ ታውቁታላችሁ፤ «ኔትወርክ ነው፣ ቆይቶ ይገባል» ይሏችኋል። እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልንገራችሁ። ከፋዩና ተቀባዩ በአንድ ባንክ ከሆኑ፣ ከአንዱ የሚወጣውና ወደ ሌላው የሚገባው በአንድ ጊዜ በአንድ ምዝገባ ይጻፋሉ፤ ደረሰኝ ወጥቶ ገንዘቡ መንገድ ላይ የሚቆይበት ቦታ የለም። አጭር መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል፣ ሒሳቡ ግን አይዘገይም፤ ስለዚህ መልእክት አትጠብቁ፣ ሒሳቡን ክፈቱ። ከሌላ ባንክ የተላከ ሲሆን መዘግየት በእርግጥ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ዕቃውም አብሮ ይቆያል።

የእኅቴ ልጅ በዚያ ቀን ለደንበኛው ክስ አልጻፈለትም፤ «ሙሉውን ደረሰኝ ከነኪውአር ኮዱ ላክልኝ፣ ገቢው ሲታየኝ ዕቃውን ለሞተረኛው እሰጣለሁ» ብቻ አለው። መልእክቱ ተነበበ፤ ጥቂት ቆይቶም የቴሌግራም ገጹ ተሰረዘ። ሞተረኛው ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሒሳቡን ዕቃውን ሲያደርስ ሊቀበል ተስማምቶ ነበርና፣ የተሰጠውን ቁጥር ደጋግሞ ደውሎ ዝግ ሲሆንበት፣ የቤንዚኑን አስበን ሰጥተነው ሄደ።