የመጀመሪያ ሠራተኛ ስትቀጥሪ፦ ከልብስ ስፌት ቤት

«ልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ ሥራ በዝቶብኛል። አንድ ሰፊ ልቅጠር ብዬ ነው። ስንት ልክፈል? ለስንት ጊዜ ልሞክረው? የትስ ላስተዋውቅ?»

እህቴ፣ ሰፊ ከመቅጠርሽ በፊት አንድ ሳምንት ታገሺ። እኔ መጀመሪያ የቀጠርኩት ሰፊ ነበር። ሲንጀሩ ሁለት ሆነ፣ የሚወጣው ልብስ ግን አልጨመረም። የተሰፋው ቁልፍና ተኩስ እየጠበቀ ይከመራል፣ እኔም ስልክ ሳነሳና ደንበኛ ስለካ እውላለሁ። ከዚያ ውሎዬን ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ጻፍኩ። በቀን አራት ሰዓት ገደማ ቁልፍ ስተክል፣ ስዘመዝም፣ ስተኩስና ደንበኛ ስቀበል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ቀጥሎ የቀጠርኩት ሰፊ ሳይሆን የማጠናቀቂያውን ሥራ የምትይዝ ልጅ ነው።

ደመወዙንም ከዚያው ደብተር አወጣሁት። በአራት ሰዓት አንድ ቀሚስ እጨርሳለሁ፣ የእጅ ዋጋው ያኔ 700 ብር ነበር። በ24 ቀን 16,800 ይሆናል። ግን ትዕዛዝ በየቀኑ ስለማይሞላ ግማሹን፣ 8,400 ብር ብቻ ያዝኩ። አንቺ በራስሽ ዋጋ አስይው። ደመወዙ ከዚያ 8,400 በታች እንዲሆን ከ5,000 እስከ 6,000 ብዬ ማስታወቂያው ላይ ጻፍኩ። 6,000 ብትከፍዪ ከአንቺ የሚወጣው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 660 ብር ይጨመርበታል፤ ከእሷ ደግሞ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ግብርም አለ። እጅ የሚገባው ስንት እንደሆነ ገና ሳትጀምር ንገሪያት። በወሩ መጨረሻ «ያልሽኝ እኮ 6,000 ነው» የሚለው ጭቅጭቅ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ሙከራውን በጽሑፍ አድርጊው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራችሁ አስር ሳምንት ማለት ነው። በቃል ብቻ ከሆነ ግን በሕጉ ፊት ሙከራ አይባልም። እኔ ሰፊውን «አንድ ወር እንተያይ» ብዬ በቃል ነበር ያስገባሁት። ላሰናብተው ስል እንደ ቋሚ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያና ካሳ ጠየቀኝ፣ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ከመፈራረማችሁ በፊት ግን ግማሽ ቀን ከፍለሽ አሠሪያት። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ ጥለት ያለው ቀሚስ ሰጠኋት። ካውያውን መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከረችው፣ ከዚያ ቀሚሱን ገልብጣ በውስጥ በኩል ተኮሰች። ከእሷ በፊት የመጣችው ቀጥታ ጥለቱ ላይ ነበር ያሳረፈችው።

ማስታወቂያውን በደላላም፣ በቴሌግራምም ሞከርኩ። በቴሌግራም ብዙ ሰው ይደውላል፣ አብዛኛው ግን ሰፈሩ ሩቅ ነው፤ ታክሲው ብቻ ደመወዙን ይበላዋል። የሠራልኝ ክርና ቁልፍ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ነው። የሥራውን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ ደመወዙንና ሰፈሩን ጻፊበት። እዚያ የሚገባው ሰው ሙያውን ያውቀዋል፣ ባለሱቁም ማን ከማን ጋር እንደሠራ ይነግርሻል። የቀድሞ አሠሪዋን ደውለሽ ጠይቂ፣ ተያዥም አትርሺ።

ሰፊውን የማጠናቀቂያው ክምር ካለቀና አንቺ ሙሉ ቀን ሲንጀር ላይ ተቀምጠሽም ትዕዛዝ ከተረፈሽ ያኔ ቅጠሪው።