«ዋስትናው ዐሥር ዓመት ነው» ተብሎ የተያዘ ሪቴንሽን

ጥያቄ፦ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነኝ። ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ግለሰብ ጂ ፕላስ 2 የንግድ ቤት ሠርቼ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጊዜያዊ ርክክብ አድርገናል። የሥራው ዋጋ ከቫት በፊት 12 ሚሊዮን ብር ነው። ለጉድለት መያዣ የሚሆን ሪቴንሽን ከየክፍያው 5 በመቶ ሲያዝ ቆይቶ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክቡ ተለቀቀልኝ፤ 300,000 ብር ቀርቶኛል። የ365 ቀኑ የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ባለቤቱ ግን «ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ለነገሩ የሕንፃ ዋስትና ዐሥር ዓመት ነው» እያለ አይለቅልኝም። ሐምሌ 2016 የሚያፈስበትን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር፤ በደብዳቤ ግን አንድም ቀን አልጻፈልኝም። አማካሪ መሐንዲሱም ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሄዷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባለቤቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅሏል። የዐሥር ዓመቱ ዋስትና በእርግጥ በሕግ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ለሥራው በሚገባ መሠራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ግን የኃላፊነት ዘመን እንጂ ገንዘብ ይዞ የመቆየት መብት አይደለም። ነገ ምሰሶ ቢዘም ወይም መሠረት ቢሰምጥ ባለቤቱ ሊከስዎት ይችላል፤ ሪቴንሽኑን መቀበልዎም ከዚህ ኃላፊነት አያወጣዎትም። ሪቴንሽኑ የሚያዝበትንና የሚለቀቅበትን ጊዜ የሚወስነው ውላችሁ ነው፤ በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ተቋራጮች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። በተለመደው የግንባታ ውል ቀሪው ግማሽ የሚለቀቀው 365ኛው ቀን ስለደረሰ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ ነው። ስለዚህ «ጊዜው አልቋል፣ ገንዘቤን ስጡኝ» የሚል ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው። ውልዎን ያውጡና የመልቀቂያውን አንቀጽ ቃል በቃል ያንብቡ። «የጉድለት ማስተካከያ ጊዜው ሲያበቃ» የሚል ከሆነ ቀኑ ይበቃዎታል፤ «የመጨረሻ ርክክብ ሲፈጸም» የሚል ከሆነ ግን ርክክቡን ራስዎ ማስጀመር አለብዎት። ባለቤቱ ርክክቡን እያጓተተ «ርክክብ ስላልተደረገ አልከፍልም» ማለት እንዳይችል የሚያደርገው የእርስዎ የጽሑፍ ጥሪ ነው።

ጥሪው ለባለቤቱ ይጻፍ፤ ግልባጩ አማካሪው ባይኖርም በውሉ ላይ ባለው አድራሻ ይላክለት። ውስጡ የሚገባው ጥቂት ነው፦ የጊዜያዊ ርክክቡ ቀን፣ 365 ቀኑ ያበቃበት ቀን፣ በርክክቡ ቃለ ጉባኤ ላይ የተመዘገቡት ጉድለቶች መስተካከላቸው፣ የጋራ ፍተሻ የሚደረግበት ቀንና ሰዓት። የ15 ቀን ጊዜ ይስጡ። ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልዎ፤ እምቢ ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። በስልክ የተነገረ ጥሪ ከጊዜ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ፤ እዚህ ላይ አይከራከሩ። ፎቶው የተላከው ሐምሌ ላይ፣ ማለትም በማስተካከያው ጊዜ ውስጥ ነው። ውሉ ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሁን ቢልም፣ መልእክቱን አይተው መልስ ከሰጡበት «አልተነገረኝም» ማለት ያስቸግርዎታል። ስለዚህ ወጥተው ምክንያቱን ይለዩ። ውሃው የሚገባው በቆርቆሮው ክዳን መጋጠሚያ፣ በጋተሩ ስፌት ወይም ቆርቆሮው ከግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ከሆነ ሥራው የእርስዎ ነው። ከርክክብ በኋላ ተከራይ የሳተላይት ዲሽ ለመትከል ቆርቆሮውን በስቶ ከሆነ ደግሞ ከቀዳዳው ዙሪያ ቡሎኑ ወይም ዝገቱ ይታያል፤ ይህ የእርስዎ ጉድለት አይደለም። ሁለቱንም ከቅርብ ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያም የእርስዎ የሆነውን ጠግነው በቃለ ጉባኤ ያስፈርሙ። ክረምት እስኪገባ አይጠብቁ፤ ውሃ በቱቦ እየለቀቁ በባለቤቱ ፊት መሞከር ይቻላል።

ስንጥቁም እንዲሁ ይለያል። ልስን ላይ ብቻ እንደ ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ፣ ወይም ብሎኬቱና ኮለኑ በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የማጠናቀቂያ ሥራ ጉዳይ ነው። ልስን አልፎ ብሎኬቱን ወይም ቢሙን ሰያፍ የቆረጠ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ መሐንዲስ ያስጠሩ፤ የዐሥር ዓመቱ ዋስትና የሚነካውም እንዲህ ያለውን ነው።

ፍተሻው ላይ ባለቤቱ ካልመጣ ከሌላ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ጋር ገብተው ግኝቱን በፎቶና በቃለ ጉባኤ ይያዙ፣ ቅጂውን ይላኩለት። መግባት ከከለከለዎት መከልከልዎን ራሱን በጽሑፍ ይግለጹ። ከመጣና ጉድለት ካነሳ ደግሞ እያንዳንዱ በቦታው፣ በመጠኑና በሚጠገንበት ቀን ይመዝገብ። «አንዳንድ ቦታ ይስተካከል» የሚል ቃለ ጉባኤ ላይ አይፈርሙ፤ መጨረሻ የለውም። ሌላው ወጥመድ የመጨረሻ ርክክብ ወረቀት ላይ የሚገባ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ያልተከፈለ የተጨማሪ ሥራ ሂሳብ ካለዎት ሳይጠቅሱት አይፈርሙ።

አንድ ጉድለት ቢቀር እንኳ ባለቤቱ ሙሉውን 300,000 ብር መያዝ ይችላል ማለት አይደለም። የጋተሩ ጥገና 20,000 ብር ያወጣል ብሎ ቢያስገምት፣ አግባብ ያለው ጥያቄው ያንኑ የሚያክል ነው። በሕጉ ቁጥር 1831 እና 1832 የዕዳ ማቻቻል የሚሆነው የሁለቱም ወገን ዕዳ መጠኑ ሲታወቅና መክፈያው ሲደርስ ነው፤ «ያፈሳል» የሚል ቅሬታ መጠኑ የታወቀ ዕዳ አይደለም። ስለዚህ በጽሑፍ «ከፍተኛውን ግምት ይያዙ፣ ቀሪውን ይልቀቁ» ብለው ቢያቀርቡ ጥሩ ነው፤ ፍርድ ቤት ቢደርስም ሐቀኛ አቋም እንደያዙ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመክፈያ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። ገንዘቡ መክፈያው ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው ይህ ደብዳቤ ቁጥር 1803 የሚለውን ወለድ ያስጀምራል። ውሉ የተለየ መጠን ካልወሰነ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ300,000 ብር ላይ በወር 2,250 ብር። ቀደም ብለው በደብዳቤ ባለመጠየቅዎ ያለፉትን ወራት ወለድ ላያገኙ ይችላሉ።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ውሉ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ እንዳለው ይዩ። ካለው ፍርድ ቤት ሄደው ተቃውሞ ቢነሣብዎት መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ከሌለው ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 284 የሚፈቅደውን አጭር ሥነ ሥርዓት ይጠቀሙ፤ በውል ላይ ለተመሠረተና መጠኑ ለታወቀ የገንዘብ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ ተከሳሹም ፈቃድ ሳይጠይቅ መከላከያ ማቅረብ አይችልም። የጉድለት ክርክሩ ሳይፈታ ከሄዱ ግን ፈቃዱን ያገኛል፤ መዝገቡም ወደ መደበኛው ክርክር ይዞራል። ጣሪያውን አስቀድመው ይጠግኑ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

በክሱ ላይ ውሉን፣ የጊዜያዊ ርክክቡን ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ሰርተፊኬቶቹን በሙሉ፣ የላኳቸውን ደብዳቤዎች ከደረሰኝ ጋር ያያይዙ። 300,000 ብሩ ከየትኛው ሰርተፊኬት ምን ያህል እንደተቀነሰ በአንድ ገጽ ይደምሩት። ቫቱንም ያረጋግጡ፤ ሰርተፊኬቱ ሪቴንሽኑን ከቀነሰ በኋላ ቫት ያሰላ ከሆነ በዚህ ገንዘብ ላይ ቫት ገና አልተጠየቀም፣ አሁን በደረሰኝ ተጨምሮ ይጠየቃል። ቀድሞ በሙሉ ሥራው ላይ ቫት ተከፍሎ ከሆነ ድጋሚ አይጠይቁ። የትኛው እርከን ፍርድ ቤት እንደሚያየው በገንዘቡ መጠን ስለሚወሰን፣ የወረዳው ይሁን ደሴ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከማስገባትዎ በፊት ሬጅስትራር ይጠይቁ።