መልስ፦ የአህያዋ ገጣባና የልጆቹ እንጀራ

«ሱሉልታ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ገጣባ አህያ ላይ ሲሚንቶ ይጭናል፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው። የእንስሳና የሰው ስቃይ እኩል ይመዘን ካልኩ አህያዋን ከልጆቹ ማስቀደሜ ነው?»

አይደለም። ፈላስፋው ፒተር ሲንገር በ1975 እ.ኤ.አ. የተከራከረው መጠኑ እኩል የሆነ ሕመም እኩል ይቆጠር ብሎ ነው። አህያና ሰው በሁሉም ነገር እኩል ናቸው አላለም። ስለዚህ ቁስሏን ከልጆቹ ረሃብ ጋር አትመዝን። ቁስሉ እስኪድን ብታርፍ ከሚቀርበት ገቢ ጋር መዝነው።

ተቃዋሚዎች ሰው ስለ ነገ ስለሚጨነቅ ስቃዩ ይከብዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን አህያዋም «ማታ ይራገፍልኛል» ብላ አትጽናናም። ሥነ ምግባር የጋራ ውል ነው፣ አህያ ደግሞ አልተዋዋለችም የሚሉም አሉ። ጨቅላ ሕፃንስ መቼ ተዋዋለ?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ አንዱን ባለ አህያ «ጨካኝ» ብዬው ዘጋኝ። ያወራኝ በኋላ ከጭነቱ ሥር ስለሚደለደለው ጨርቅ ስጠይቀው ነው።