መልስ፦ የእጅ መንቀጥቀጥ ከሴሬቤለም ነው ከቤዛል ጋንግሊያ?

«ደብረ ማርቆስ ያሉት አያቴ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የተጎዳው ሴሬቤለም ነው ወይስ ቤዛል ጋንግሊያ? በምን ይለያል?»

ሁለቱም እንቅስቃሴን የሚቆጣጠሩ የአንጎል ክፍሎች ናቸው፤ ለመለየት መቼ እንደሚንቀጠቀጥ እይ ወንድሜ። ጋቢያቸውን ለብሰው ቁጭ ባሉበት፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ ሳለ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው ጥጥ እንደሚፈትል ሰው የሚፋተጉ ከሆነ፣ ሲኒ ለማንሳት ሲዘረጉት ደግሞ ጋብ የሚል ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ቤዛል ጋንግሊያ ያደላል። የፓርኪንሰን በሽታ እንዲህ ነው። ሴሬቤለም ሲጎዳ ተቃራኒው ነው። ያረፈው እጅ ጸጥ ይላል፤ የሚብሰው ሲኒው ጋ ሲቃረብ ነው። ወይ አልፎት ይሄዳል ወይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ቡናውም ይደፋል።

ሴሬቤለም የታሰበውን እንቅስቃሴ እጁ ከሚያደርገው ጋር እያነጻጸረ መንገድ ላይ ያርማል። እርማቱ ሲዘገይ እጁ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። ቤዛል ጋንግሊያ ግን የሚፈለገውን እንቅስቃሴ ይለቅቃል፣ የማይፈለገውን ይገታል። በፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሲያንስ መልቀቁ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ሰውነት ይገተራል፣ ከወንበር መነሳት እንኳ ጊዜ ይወስዳል።

አረማመዳቸውንም ተመልከት፦ አጫጭር እርምጃ፣ እግር እየጎተቱ ነው? ወይስ እግር ከፈት አድርጎ መንገዳገድ? ሁለተኛው የሴሬቤለም ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የግራ ሴሬቤለም ጉዳት የሚታየው በግራ እጅ ሲሆን የግራ ቤዛል ጋንግሊያ ግን በቀኝ ነው።

ሁለቱንም የማይመስል መንቀጥቀጥም አለ፤ አንዳንድ መድኃኒትና የታይሮይድ ችግር ያመጡታል። የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዘህ ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። መንገዳገዱ በድንገት ከጀመረ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሆስፒታል!